ማክሰኞና ረቡዕ ውሃ ይቋረጣል፦ ከደረጃው በስተቀኝ ላላችሁ አሥር ቤቶች

በመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከደረጃው በስተቀኝ ባሉት ቤቶች ውሃ አይኖርም። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ተነስቶ ፎቁን ሁሉ እያዳረሰ እስከ ግራውንድ የሚወርደውን ቋሚ የውሃ መስመር፣ የቧንቧ ሠራተኞች ራይዘር የሚሉትን፣ ሙሉ በሙሉ እንቀይራለን። በስተግራ ያላችሁ ነዋሪዎች መስመራችሁ ለብቻው ስለሆነ ሥራው አይነካችሁም፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ መስመሮች ሮቶው ሥር ሲለያዩ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ሐሙስን በመጠባበቂያነት ይዘነዋል፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ስንሠራ የለጠፍኩት ማስታወቂያ ሦስት መስመር ነበር፤ «ውሃ ስለሚቋረጥ ተዘጋጁ» የሚል። ሁላችሁም ተዘጋጃችሁ፣ ጀሪካኑም ሞላ፤ ውሃ በሌለበት ሰዓት አንድም ሰው አልተቸገረም። ችግሩ የመጣው ውሃው ሲመለስ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ውሃ እንደጠፋ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ማጠቢያው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ተቀምጦ ጉድጓዱን ደፍኖታል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ወጥተዋል። ማታ ውሃው ሲለቀቅ ከማጠቢያው ሞልቶ ወለሉን አጥለቀለቀ፤ ከሥር ያለው ቤት ኮርኒስ ጠቆረ፣ ፍራሽም በሰበሰ። ስህተቱ የእኔም ነበር፤ ስለ መዝጋቱ እንጂ ስለ መመለሱ አልጻፍኩም ነበርና። ስለዚህ የዛሬው ረዘም ይላል።

ለምን መቀየር አስፈለገ

ጠግነን ብንተወው ይሻል እንደነበር የነገራችሁኝ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። የድሮው መስመር ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ቱቦው ሲገጣጠም ጥርስ የሚወጣለት ቦታ ላይ ግን ዚንኩ ተፍቆ ስለሚነሳ ዝገቱ ሁልጊዜ ከመገጣጠሚያው ይጀምራል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያንጠባጥብ የነበረውን ቁራጭ ቆርጠን ስናወጣው ውስጡ በዝገት ቅርፊት ተሞልቶ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አውራ ጣት የሚያስገባ ብቻ ቀርቶት ነበር። ቁራጩ ቢሮዬ መስኮት ላይ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

መጥበቡን ከቤታችሁ ሆናችሁ ልታውቁት ትችሉ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ለአንድ አፍታ በኃይል ፈንጥቆ ወዲያው እንደ ክር ከቀጠነ፣ ጎረቤት ሲከፍት ደግሞ ጭራሹን ከጠፋ፣ ምልክቱ እሱ ነው። ሮቶው ባዶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይፈነጥቅም ነበር። ግራውንድ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመን አረጋግጠናል። የሮቶው ወለል ከግራውንዱ ቧንቧ 15 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ስለሚገኝ ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ መለኪያው 1.5 ባር አሳየ። ይህ ልክ ነው። ሁለት ቧንቧ ስንከፍት ግን ወደ 0.4 ወረደ። ሮቶው ሙሉ ሆኖ፣ ከፍታውም ሳይለወጥ ግፊቱ እንዲህ የሚወርደው መንገዱ ስለጠበበ ነው። አንዱን መገጣጠሚያ ብንጠግን ቀጣዩ ማፍሰሱ አይቀርም።

አዲሱ መስመር ፒፒአር ነው፤ አረንጓዴው ፕላስቲክ። አይዝግም። የሚያያዘው በጥርስ ሳይሆን 260 ዲግሪ በሚደርስ ማሽን አቅልጦ በማጣበቅ ነው። ይህን የነገርኳችሁ ሁለት ነገር ስለሚያስከትል ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ሐሙስን ያስያዝኩት ለዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ የሚጣበቀው ጫፍ ደረቅ መሆን አለበት። ከአንድ ቤት ተመልሶ የሚመጣ ጥቂት ጠብታ እንኳ ማጣበቂያውን ያበላሸዋል፤ መበላሸቱ ደግሞ ያን ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለውን ሥራ ከእያንዳንዳችሁ የምለምነው።

እሑድ፦ የቤታችሁን ቫልቭ ፈትሹ

እያንዳንዱ ቤት ከራይዘሩ የሚቀበለውን ውሃ የሚዘጋ ቫልቭ አለው፤ ብዙዎቻችሁ ጋ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። ክብ እጀታ ያለው ከሆነ ጌት ቫልቭ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። ዘንግ የመሰለ እጀታ ያለው ከሆነ ሩብ ዙር ይበቃዋል፤ ዘንጉ ከቱቦው ጋር ሲጋደም ክፍት፣ ቱቦውን አቋርጦ ሲቆም ዝግ ነው።

ለዓመታት ያልተነካ ጌት ቫልቭ ግትር ይላል። በፒንሳ አታስጨንቁት፤ አንገቱ ይሰበርና እሑድ ማታውኑ ጎርፍ ይሆናል። በእጃችሁ ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያላችሁ አለስልሱት። እስከ መጨረሻው ከዞረ በኋላ ቧንቧ ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ውሃው ቆመ? ካልቆመ፣ ወይም ከእጀታው ሥር ማንጠባጠብ ከጀመረ፣ ወይም ጭራሽ አልዞር ካለ፣ እሑድ ማታ ድረስ ንገሩኝ። እንዲህ ላለው ቤት አዲስ ቫልቭ ገዝተን አስቀምጠናል፤ ማክሰኞ መስመሩ ባዶ ሲሆን መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሐሙስ ከሆነ ግን መስመሩን በሙሉ እንደገና ማድረቅ ሊጠይቅ ነው።

ቫልቩ ጋ ቆማችሁ ሳለ ሌላም ነገር እዩልኝ። ከብረቱ ቱቦ ጋር የታሰረ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? አንዳንድ ኤሌክትሪሻን የቦይለሩን ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የመሬት ሽቦ ከውሃ ቱቦው ጋር ያስረዋል። ትክክል አይደለም፤ ግን ተሠርቶ ይገኛል። የብረቱ ራይዘር እስካለ ድረስ ሽቦው መሬት ያገኝ ነበር፤ ፕላስቲክ ስናደርገው ግን አየር ላይ ይቀራል፤ ያኔ ማሽኑ ቢበላሽ እጁን ያሳረፈበትን ሰው ይነዝረዋል። ብዙ ጊዜ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ካገኛችሁት አትንኩት፤ ጥሩኝ፣ ኤሌክትሪሻኑ ወደ ትክክለኛው የመሬት መስመር ያዞረዋል። እስኪዞር ድረስ ዕቃውን አትጠቀሙ።

ስንት ውሃ፣ መቼ ይሞላ

አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት እንውሰድ። ለመጠጥና ለማብሰል በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ብንይዝ፣ ሐሙስን ጨምረን ለሦስት ቀን 75 ሊትር ነው፤ አራት ጀሪካን በቂ ነው። ለእጅ፣ ለፊትና ለዕቃ ሦስት ጀሪካን ይጨመር። እስከዚህ ሁሉም ሰው ያስበዋል። የሚረሳው ሽንት ቤቱ ነው። አምስት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ቢሄድ፣ አንዴ 5 ሊትር ቢደፋበት፣ በቀን 100 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ለማክሰኞና ለረቡዕ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለሽንት ቤት ብቻ ይሙላ። በርሜሉ ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፤ በረንዳ ላይ አታቁሙት፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ይሁን። ከሞላ በኋላ ልጅ እንዳይገባበት ክዳኑን ግጠሙ።

ሽንት ቤቱ ላይ ሲደፋ በጣሳ ጥቂት በጥቂት አይሁን፤ ውሃው ይባክናል እንጂ አይወስድም። ግማሽ ባልዲውን ከወገብ ከፍ አድርጋችሁ በአንድ ትንፋሽ ልቀቁት፤ ወደ ላይኛው ታንከር መጨመር አያስፈልግም። የልብስ እጣቢ ካላችሁ ለዚሁ ይዋል።

ሁላችሁም ሰኞ ማታ በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁ የጠበበው መስመር አይችለውም፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለጠበበ ከሥሩ ያሉት ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ግራውንድና አንደኛ ፎቅ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰኞ ጠዋት፣ አራተኛ ሰኞ ማታ ይሙላ። አሥሩ ቤት 350 ሊትር ያህል ቢሞላ 3,500 ሊትር ነው፤ ሮቶው 5,000 ይይዛል፤ ሰኞ የከተማው ውሃ ባይመጣም ይበቃናል። በርሜል ለሌላችሁ ደግሞ ግቢው ውስጥ ካለው የታችኛው ሮቶ የሚቀዳ ቧንቧ ማክሰኞም ረቡዕም ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ይከፈታል። ደረጃ የሚያደክማቸው አረጋውያን ባሉበት ቤት ጥበቃዎቹ ያወጡላችኋል፤ ስማችሁን ብቻ አስመዝግቡ። ከሆለታ ወንዝ የምትቀዱ ካላችሁ ለሽንት ቤት ብቻ ይሁን፤ ለዕቃም አይሆንም።

እንጀራን በተመለከተ እናቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ግን ባለፈው ጊዜ ቡሆው ደርሶ አብሲት የሚጥሉበት ውሃ ያጡ ነበሩ። ሦስት ቀን ለሚያቦካ ቤት፣ ዓርብ ቢቦካ ሰኞ ይጋገራል፤ ሊጡ የተነካካበት ዕቃም ሰኞውኑ ታጥቦ ይገባል። እሑድ ያቦካ ሰው ረቡዕ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት

ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። መጀመሪያ ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፉ፤ ማብሪያና ማጥፊያው ብቻ አይበቃም፤ ልጅ ወይም ሠራተኛ ሳያስብ ያበራዋል። መስመሩ ባዶ ሲሆን የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል፤ ውሃ የሌለበት ቦይለር ሲበራ ውስጡ ያለው ማሞቂያ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከሶኬቱ ንቀሉ። ከዚያ የቤታችሁን ቫልቭ ዝጉ። በመጨረሻ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ ውሃው መቆሙን ካያችሁ በኋላ እያንዳንዱን መልሳችሁ ዝጉ፤ የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ የሻወሩን፣ የበረንዳውን። ማጠቢያው ውስጥ ጨርቅም ሳህንም አይቀመጥ። ቧንቧ እየከፈቱ «መጣ እንዴ?» ብሎ ማየት የሁላችንም ልማድ ነው። ውሃ ሳይመጣ ሲቀር እጃችን መዝጋቱን ይረሳዋል፤ ያ ሁሉ ጎርፍ የመጣው ከዚያ ነው። በየቧንቧው ላይ ክር ወይም ፌስታል ብታስሩ ትዝ ይላችኋል፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ከቤት የምትወጡ ከሆነ ቫልቩን ዘግታችሁ ውጡ፤ ቁልፍ ትታችሁ መሄድ ግዴታ አይደለም። የመታጠቢያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ያላችሁ አራት ቤቶች ግን ማክሰኞ ከ3 እስከ 6 ሰዓት አንድ አዋቂ ሰው ቤት እንዲቆይልን እንፈልጋለን፤ ለየብቻ ነግሬያችኋለሁ። ከግድግዳው ሥር ያለውን ዕቃ አንሱ፤ አቧራው እስከ ሳሎን ይደርሳልና የመታጠቢያ ቤቱን በር ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑት።

ማክሰኞ ማታ ድምፅ አይኖርም፤ ሥራው ግን አልቆመም። አዲሱ መስመር በእጅ ፓምፕ 6 ባር ተሞልቶ ያድራል። ይህ ከሚሠራበት ግፊት አራት እጥፍ ነው። መለኪያውን ማታ 2 ሰዓት ላይ እናነባለን፣ ረቡዕ ጠዋት እንደገና እናነባለን። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚለጠጥ ጥቂት ቢወርድ አያስደነግጥም፤ እየወረደ ከሄደ ግን የሚያፈስ ቦታ አለና ሳናገኘው ቤቶቹን አናያይዝም። ያኔ ሐሙስ ይገባል። ረቡዕ ጠዋት ውጤቱን ደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

ረቡዕ ውሃው ሲመለስ

ዋናው ሰዓት ይህ ነው። ውሃው ከሮቶው በድንገት አይለቀቅም፤ ቫልቩን ቀስ ብለን እንከፍተዋለን፤ መስመሩ ውስጥ የነበረው አየርም ግራውንድ ላይ ባለው ማፍሰሻ ይወጣል። መስመሩን በክሎሪን አጥበን ከደፋነው በኋላ በየፎቁ እየዞርን በር እናንኳኳለን። እስክናንኳኳ ድረስ የቤታችሁን ቫልቭ አትክፈቱ። ቀድሞ የከፈተ ቤት አየሩን በቆጣሪው ውስጥ ያሳልፋል፤ ቆጣሪው ደግሞ አየርም ይሁን ውሃ ይቆጥራል፤ የማትጠጡትን ትከፍላላችሁ።

ሲንኳኳ ቫልቩን በግማሽ ብቻ ክፈቱ። ቀጥሎ የምትከፍቱት የመጀመሪያው ቧንቧ ወንፊት የሌለው ይሁን፤ የሻወሩ እጅ ተፈትቶ ጎማው ወደ ወለሉ ፍሳሽ ቢዞር ጥሩ ነው። ቀዝቃዛውን ብቻ ክፈቱ። ሙቁን መጀመሪያ ከከፈታችሁ ቅርፊቱና ደለሉ ቦይለሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ይተፋል፣ ያስነጥሳል፤ አየር ነው። ከዚያ ቡናማ ውሃ ይመጣል፤ ራይዘሩ አዲስ ቢሆንም በየቤታችሁ ውስጥ ያለው አጭር የብረት መስመር አሮጌ ስለሆነ ሲነካካ ዝገቱ ይለቃል። በነጭ ሳህን ወይም በብርጭቆ ቀድታችሁ ከመስኮት ብርሃን ላይ እዩት፤ እስኪጠራ ድረስ ይፍሰስ፤ በባልዲ ያዙት፤ ለሽንት ቤት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሃያ ደቂቃ አልፎ ካልጠራ ዝጉና ጥሩኝ።

ከጠራ በኋላ ቫልቩን ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ፤ ሌሎቹን ቧንቧዎች አንድ በአንድ አፍስሱ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት በእጃችሁ ፈታችሁ እጠቧት፤ «አዲስ መስመር ተሠርቶ ውሃው ቀጠነብኝ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ጥፋቱ እዚያች ወንፊት ላይ የተጠራቀመ አሸዋ ነው። ቦይለሩ የመጨረሻው ነው። የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ ሳያቋርጥ መውረድ ከጀመረ ቦይለሩ ሞልቷል፤ ያኔ ብቻ ብሬከሩን አብሩት።

ነጭ ልብስ ረቡዕ አትጠቡ። ጥቂት የቀረ ዝገት ነጠላና የትምህርት ቤት ሸሚዝ ላይ የማይለቅ ቢጫ ይተዋል።

ለመጠጥ እስከ ዓርብ ድረስ ቀድማችሁ የያዛችሁትን ተጠቀሙ፤ ከቧንቧው የምትቀዱ ከሆነ አፍሉት። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ የሚበቃው እዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ውሃው ቡናማ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጥራ፤ ድፍርሱ መድኃኒቱን ይበላዋል። የክሎሪን ሽታ ለአንድ ቀን ያህል ቢቆይ አትደንግጡ፤ ክዳኑ ተከፍቶ በቆየ ማሰሮ ውስጥ ይጠፋል።

ረቡዕ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ። ትንሿ ጎማ ከዞረች የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ቤቱ ታንከር ነው። ካልሆነ የቤታችሁ መስመር ከራይዘሩ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በደረቅ ሶፍት ጥረጉት፤ ሶፍቱ ከራሰ ሌሊትም ቢሆን ግራውንድ በስተግራ ያለውን በሬን አንኳኩ። ቧንቧ ሠራተኞቹ እስከ ዓርብ ከሆለታ አይወጡም፤ ያልተከፈላቸው ቀሪ ገንዘብ እኔ ጋ ነው።